የመጨረሻዋ ደረጃ ላይ ሰው የሚደናቀፈው ለምንድን ነው? የደረጃ ችግርና መፍትሄ

ምልክት፦ ሰው ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ይደናቀፋል

አራት ኪሎ አካባቢ ያለ አንድ አዲስ ጂ ፕላስ ሁለት ህንጻን እንውሰድ። ደረጃው እብነ በረድ ለብሶ ያብለጨልጫል። ግን ወደ ፎቅ የሚወጣ ሰው ሁሉ ልክ ሊደርስ ሲል ጫማው ጠርዝ ይመታል። ባለቤቱ እብነ በረዱ አንሸራቶ ነው ብሎ የሚለጠፍ ፕላስቲክ አስገጠመ። መደናቀፉ አልቀረም።

እግር ሁለት ሦስት ደረጃ ከወጣ በኋላ ቁመቱን ይለምደዋል። ከዚያ ወዲያ ማንም ደረጃ እያየ አይወጣም። አንዷ ደረጃ ከሌሎቹ በአንድ ሳንቲም እንኳ ከፍ ካለች እግር ይሳሳታል። ስለዚህ መጀመሪያ ሜትር ይዛችሁ የእያንዳንዱን ደረጃ ቁመት ለኩ፣ ከእብነ በረድ ፊት እስከ እብነ በረድ ፊት። እዚህ ህንጻ ላይ የመጀመሪያዋ 15 ሳንቲም ናት። መሃል ያሉት ሁሉ 17 ናቸው። ፎቁ ላይ የምታደርሰው የመጨረሻዋ ግን 19 ሆና ተገኘች።

ምክንያቱ

አናጢው አላጠፋም። ከወለል እስከ ወለል 306 ሳንቲም ነው፤ ለ18 ደረጃ ሲካፈል 17 ይመጣል። መርገጫው 29 ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሷ ብሎንዴል በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያስቀመጠው ስሌት ዛሬም ይሠራል፦ ቁመቱን ሁለት ጊዜ ወስደን መርገጫውን ስንደምርበት 63 ሳንቲም አካባቢ መምጣት አለበት። እዚህም 34 እና 29 በትክክል 63 ነው።

ችግሩ የመጣው አርማታው በትክክል እኩል ስለተሞላ ነው። የክፍሎቹ ወለል ሊሾና ሴራሚክ ሲለብስ 7 ሳንቲም ከፍ ብሏል። ደረጃዎቹና መሃል ያለው ማረፊያ፣ ላንዲንጉ፣ ግን ከሞርታሩ ጋር 5 ሳንቲም ብቻ ነው የለበሱት። ታች ወለሉ ከደረጃው በ2 ሳንቲም በልጦ ስለወጣ የመጀመሪያዋን ደረጃ በላት፣ 15 ቀረች። ላይ ደግሞ የፎቁ ወለል ከመጨረሻዋ መርገጫ በ2 ሳንቲም በልጦ ከፍ አለ፣ 19 ሆነች። በታችኛዋና በላይኛዋ መካከል 4 ሳንቲም ልዩነት ተፈጠረ ማለት ነው።

መፍትሄው

አርማታው ገና ካልተሞላ ነገሩ ቀላል ነው። ያለቀለትን ወለል ከፍታ በውሃ ልክ ግድግዳው ላይ አስምሩ። ፎርምወርኩ ላይ የመጀመሪያዋ ደረጃ 19፣ የመጨረሻዋ 15 ሆና ትሞላ። በጥሬው ሲታይ የተበላሸ ይመስላል፤ ፎርማኑም ሊከራከራችሁ ይችላል። ሲለብስ ሁሉም 17 ይሆናል።

አርማታው ተሞልቶ እብነ በረዱ ካልተነጠፈም ያለ ዲጂኖ ይስተካከላል። ከታች እስከ ላንዲንጉ ያለው ጠቅላላ ቁመት 15 ሲደመር ስምንት ጊዜ 17፣ 151 ሳንቲም ነው። ለዘጠኝ ሲካፈል 16.8 ገደማ ይመጣል። የመጀመሪያዋ ደረጃ ሞርታር 1.8 ሳንቲም ይጨመርበታል፣ ሁለተኛዋ 1.6 ገደማ፤ እንዲህ በእያንዳንዷ ላይ ወደ 2 ሚሊ እየቀነሰ ላንዲንጉ ላይ ዜሮ ይሆናል። ከላንዲንጉ በላይ ያለው ደግሞ 155 ነው፣ ለዘጠኝ 17.2። እዚያ ሞርታሩ በየደረጃው በ2 ሚሊ እየወፈረ ይሄዳል። ከላንዲንጉ በታችና በላይ ባሉት ደረጃዎች መካከል 4 ሚሊ ልዩነት ይቀራል፣ እሱን እግር አያውቀውም። እብነ በረዱ አንዴ ከተነጠፈ ግን መንቀል ነው፤ ሲነቀል ደግሞ ግማሹ ይሰበራል።

ምልክት፦ መውጣቱ ይቻላል፣ መውረዱ ያስፈራል

መሃል ከተማ መሬት ጠባብ ነው፣ ደረጃው የተረፈው ጥግ ውስጥ ይገባል። 20 ቁመት በ23 መርገጫ ብዙ ቦታ አለ። ስሌቱ 63 ስለሚመጣ በወረቀት ላይ ትክክል ነው፤ ሲወርዱ ግን ተረከዝ እንጂ ሙሉ እግር አያርፍም። ስሌቱ ብቻውን አይበቃም። ቁመቱ ከ18 ሳይበልጥ፣ መርገጫው ከ25 ሳያንስ ነው የሚሠራው። ይህ ከተገነባ በኋላ መፍትሄ የለውም፤ ፕላን ላይ እያለ ነው ቦታ መጨመር ወይም ደረጃውን ማጠፍ።

ምልክት፦ ከስር፣ ላንዲንጉ ሥር አግድም ስንጥቅ

ይህኛውን በልስን አትሸፍኑት።

ደረጃውን የሚሸከመው መርገጫው ሳይሆን ከስሩ ያለው ዘመም ያለ የአርማታ ጠፍጣፋ፣ ሶሌታው፣ ነው። መርገጫዎቹ ሶሌታው ላይ የተጫኑ ጭነት ናቸው። በዚሁ ደረጃ 15 ሳንቲም ወፈር ያለው ሶሌታ ከነመርገጫዎቹ ለእያንዳንዱ አግድም ካሬ ሜትር ወደ 650 ኪሎ ይመዝናል፣ እብነ በረዱ ሳይቆጠር። ዲዛይን ሲደረግ ለሰው የሚያዘው አብዛኛውን ጊዜ 300 ኪሎ ገደማ ነው። ደረጃው ከምንም በላይ ራሱን ነው የሚሸከመው።

ሶሌታው ከታችኛው ድጋፍ እስከ ላይኛው ድረስ ሲጎብጥ የታችኛው ፊቱ ይለጠጣል። ዋናው ፌሮ በቁመቱ ከስር የሚሄደው ለዚህ ነው። ጣጣው የሚመጣው ሽቅብ የወጣው ሶሌታ ላይኛው ላንዲንግ ጋ አግድም ሲሆን ነው። ፌራዮው የስሩን ፌሮ የሶሌታውን ቅርጽ ተከትሎ ካጠፈው፣ ፌሮው ሲለጠጥ ቀጥ ማለት ይፈልጋል። ቀጥ ሲል ደግሞ ወደ ታች ይገፋል። ከስሩ ያለው 2 ሳንቲም አርማታ ይህን አይችለውም፣ ይፈነቀላል። መጀመሪያ ልስኑ ላይ ከግድግዳ ግድግዳ የሚሄድ መስመር ይታያል፤ በጣት ሲመቱት ባዶ ድምፅ ይሰጣል።

ትክክለኛው አሠራር ፌሮዎቹን በመስቀለኛ ማሳለፍ ነው። ከስር የመጣው የሶሌታ ፌሮ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ወጥቶ የላንዲንጉ የላይኛው ፊት ጋ ይደርሳል፣ እዚያ ይዘረጋል። የላንዲንጉ የስር ፌሮም እንዲሁ ቀጥ ብሎ ሶሌታው የላይኛው ፊት ድረስ ይገባል። ከተላለፉበት በኋላ ለ12 ሚሊ ፌሮ ከ50 እስከ 60 ሳንቲም መዝለቅ አለባቸው፤ ቁርጡን ድሮዊንጉ ይናገራል። ታችኛው ላንዲንግ ጋ ቅርጹ ተቃራኒ ስለሆነ የስሩ ፌሮ ቢታጠፍ ወደ አርማታው ውስጥ ነው የሚገፋው፣ ችግር የለውም። የሚሳሳቱትም ለዚህ ነው፤ ታች የሠራውን ላይ ይደግሙታል።

ስንጥቁ ከታየ ቁም ሳጥንና የሲሚንቶ ከረጢት በደረጃው ማመላለስ ይቁም። ከላይኛው መጋጠሚያ ስርና ከሶሌታው መሃል በብረት ወይም በባህር ዛፍ ይደገፍና መሃንዲስ ይጠራ። ጥገናው ከስር ምሰሶና ቢም ከመጨመር እስከ ያንን ክፍል አፍርሶ ፌሮውን እንደገና ከማሰር ይደርሳል። ኢፖክሲ ስንጥቁን ይደፍናል፣ የፌሮውን አቅጣጫ ግን አይለውጥም።

ምልክት፦ ደረጃው ሲረገጥ ይነቃነቃል

ስንጥቅ ሳይኖር የሚወዛወዝ ደረጃ አብዛኛውን ጊዜ ሶሌታው ቀጭን ነው። ድሮዊንግ ላይ ያለው 15 ሳንቲም ለሶሌታው ዘንበል ቀጤ ሆኖ ነው የሚለካው፣ ከመርገጫው ውስጠኛ ጥግ እስከ ስሩ። ሳይት ላይ ሜትሩን ወደ ታች ቀጥ አድርጎ 15 የለካ ሰው በዚህ ዝንባሌ 13 ሳንቲም እንኳ አይሞላም። የ2 ሳንቲሙ ልዩነት ሳይወዛወዝ የመቆም አቅሙን አንድ ሦስተኛ ይወስዳል። ስለዚህ ከሙሌት በፊት ለኩ፦ የፎርምወርኩ ጣውላ ላይ ማዕዘን መለኪያ አስቀምጣችሁ፣ ሜትሩ ከጣውላው ጋር ዘጠና ዲግሪ ይሁን።

መርገጫው ጥግ ላይ ብቻ የሚታይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ግን አያስጨንቅ። እዚያ ዋና ፌሮ የለም፣ አርማታው ሲደርቅ ስለሚኮማተር ነው።