የዓይን ሌዘር ይሆናችኋል? ከመወሰናችሁ በፊት የሚሠራ ሒሳብ

መነጽር ሰልችቶት ሌዘር ሊሠራ ያሰበ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ስንት ያስከፍላል? ያማል ወይ? ሁለቱም ደግ ጥያቄ ናቸው። ግን ሌዘሩ ለእናንተ ዓይን ይሁን አይሁን የሚወስነው በዋናነት የኮርኒያችሁ ውፍረትና ቅርጽ ነው።

ኮርኒያ ማለት ከዓይን ጥቁሩ ክፍል ፊት ያለችው ጥርት ያለች ሽፋን ናት። ውፍረቷ በአማካይ 540 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል። ሌዘሩ ከእሷ ላይ እየቀነሰ ቅርጿን ያስተካክላል። የተቀነሰው ደግሞ ተመልሶ አይተካም። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው «ምን ያህል ይነሳል፣ ምን ያህል ይቀራል?» በሚለው ላይ ነው።

1. ቁጥራችሁ መቆሙን አረጋግጡ

ከ18 ዓመት በታች ከሆናችሁ ጊዜው ገና ነው። ከዚያ በላይ ብትሆኑም የመነጽር ቁጥራችሁ ቢያንስ ለአንድ ዓመት የረጋ መሆን አለበት። በዓመት ውስጥ ከ0.5 በላይ ከተለወጠ ጠብቁ። ዛሬ ተሠርታችሁ ነገ ቁጥሩ ቢጨምር መነጽሩ ተመልሶ ይመጣል። የቆዩ የመነጽር ወረቀቶቻችሁን ፈልጋችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ ከማስታወስ ይሻላል። እርጉዝ ወይም የምታጠባ እናት ሆርሞኑ ልኬቱንም የዓይን ድርቀቱንም ስለሚያዛባ ታቆየዋለች።

ዕድሜያችሁ ወደ 40 ከተጠጋ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሌዘሩ ሩቁን ቢያስተካክልም በዚያ ዕድሜ የሚመጣውን የንባብ መነጽር አያስቀርም። እንዲያውም ማይነስ ቁጥር ያለው ሰው መነጽሩን አውልቆ ስልክ የማንበብ ዕድሉን ያጣል። ይህን ሳይሰሙ ተሠርተው በኋላ የሚቆጩ አሉ።

2. ዓይን ማሸት ላይ ሐቀኛ ሁኑ

እኛ አገር ልጆችን የሚያሳክክ የዓይን አለርጂ ብዙ ነው። ለዓመታት ዓይኑን ሲያሽ ያደገ ሰው ኬራቶኮነስ ለሚባለው ችግር ይበልጥ ይጋለጣል። ኮርኒያው እየሳሳ ወደ ፊት ይሾጥጣል። መነጽር ቶሎ ቶሎ መቀየር፣ በተለይ አስቲግማቲዝም የሚባለው፣ ኮርኒያው እኩል ክብ ባለመሆኑ የሚመጣው ቁጥር እየጨመረ መሄድ፣ በአዲስ መነጽርም ቢሆን ፊደል ጥላ ጥሎ መታየት፣ እነዚህ ሁሉ ምልክቶች ናቸው። ቤተሰብ ውስጥ ያለበት ሰው ካለም ተናገሩ።

እንዲህ ያለ ዓይን ላይ ላሲክ የሚባለውን የሌዘር ሥራ መሥራት የሳሳውን ጭራሽ ማሳሳት ነው። አስቸጋሪው ነገር ችግሩ ሲጀምር በተራ ምርመራ አለመታየቱ ነው። የሚያሳየው የኮርኒያውን የፊትና የኋላ ገጽ በቀለም ካርታ የሚያወጣው መሣሪያ ነው። ይህን ካርታ ሳያነሳ ቀን የሚቆርጥላችሁ ቦታ ካለ ተነስታችሁ ውጡ።

ኮንታክት ሌንስ የምታደርጉ ከሆነ ከልኬቱ በፊት አውልቁ። ለስላሳው ቢያንስ 2 ሳምንት፣ ጠንከር ያለው 3 ወይም 4 ሳምንት ያስፈልገዋል። ሌንሱ ኮርኒያውን ስለሚጫነው ካርታው የተሳሳተ ይወጣል።

3. ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት

ላሲክ ላይ ሐኪሙ መጀመሪያ ከኮርኒያው ላይ ስስ ክዳን ከፍቶ እንደ መጽሐፍ ሽፋን ወደ ጎን ያጥፈዋል፤ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 120 ማይክሮን ነው። ከሥሩ ሌዘሩ ይሠራል፤ ለአንድ ቁጥር በግምት 15 ማይክሮን ይወስዳል። ከዚያ ክዳኑ ይመለሳል።

እንበል አንዲት የ27 ዓመት ሴት ቁጥሯ ማይነስ 7፣ ኮርኒያዋ 500 ማይክሮን ነው። ክዳኑ 110 ይወስዳል። ሌዘሩ 7 በ15፣ 105። ከሥር የሚቀራት 285 ነው። በተለምዶ ዝቅተኛው ወለል 250 ስለሆነ «ያልፋል» ሊሏት ይችላሉ፤ ብዙ ሐኪሞች ግን 300 እንዲቀር ይፈልጋሉ። ሌላም መለኪያ አለ። ክዳኑና ሌዘሩ ሲደመሩ 215 ነው፤ ይህ ከ500ው 43 በመቶ ማለት ነው። ከ40 በመቶ በላይ ሲሆን ኮርኒያው ቆይቶ የመለጠጥ አደጋው ከፍ ይላል። እኔ ብሆን ላሲክ አልሠራም።

ይህችው ሴት ቁጥሯ ማይነስ 3 ቢሆን ሌዘሩ የሚወስደው 45 ብቻ ነው። 345 ይቀራታል፣ ጠቅላላው 31 በመቶ። ያው ኮርኒያ፣ ሌላ መልስ።

ማይነስ 7 ከሆነችም በሩ አልተዘጋም። ፒአርኬ የሚባለው ሌላ የሌዘር ሥራ ክዳን አይከፈትበትም፤ ላይኛው 50 ማይክሮን ገደማ የሆነው ስስ ቆዳ ብቻ ይነሳል፣ እሱም ተመልሶ ይበቅላል። ከሥር 345 ይቀራታል። ዋጋው ግን አለ፤ 3 ወይም 4 ቀን ክፉኛ ያማል፣ እይታው ለመጥራት ሳምንታት ይወስዳል፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ ሰው ላይ ደግሞ ኮርኒያው የመደፍረስ ዕድል አለው። ፀሐይ ይህን ስለሚያባብስ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ የምትኖሩ ጥሩ የፀሐይ መነጽር ለወራት አትለዩ። ሌላው አማራጭ ኮርኒያውን ሳይነኩ ዓይን ውስጥ ሌንስ ማስገባት ነው።

4. አደጋዎቹን በመጠናቸው እዩ

ብዙ ሰው የሚፈራው መታወርን ነው። ያ እጅግ ብርቅ ነው። በየቀኑ የሚያጋጥመው የዓይን ድርቀትና በሌሊት በብርሃን መቸገር ነው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ከሌሎች ጋር ባካሄደው የላሲክ ጥናት፣ ከሥራው በፊት የድርቀት ምልክት ካልነበራቸው ሰዎች እስከ 28 በመቶው ከ3 ወር በኋላ ድርቀት ተሰምቷቸዋል። የእይታ ችግር ካልነበራቸው ደግሞ እስከ 46 በመቶው በመብራት ዙሪያ ክብ እንደማየት ያለ ቢያንስ አንድ አዲስ ምልክት ተናግረዋል። በብዙዎች ላይ ከወራት በኋላ ይቀንሳል፤ የማይለቃቸውም አሉ። ማታ የምትነዱ ወይም ከወዲሁ ዓይናችሁ የሚቆጠቁጣችሁ ከሆነ ይህ ከሁሉ በላይ ይመለከታችኋል።

ክዳኑ በኃይለኛ ምት ሊንሸራተት ስለሚችል ቦክስ ለሚጫወት ወይም ወታደር ለሆነ ሰው ብዙ ጊዜ ፒአርኬ ይመረጣል። ላሲክ ከተሠራ በኋላ ለጥቂት ሰዓት መቆጥቆጥና ማንባት ያለ ነው። በማግስቱ ሕመም ቢጨምር፣ ቢቀላ ወይም እይታው ቢደክም ግን ቀን መቁጠር አያስፈልግም፤ በዚያው ቀን ሂዱ።

5. እነዚህን ጠይቁ

በጣም የሳሳችው የኮርኒያዬ ነጥብ ስንት ማይክሮን ናት? ከሥራው በኋላ ስንት ይቀራል? ካርታውን አሳዩኝ። ላሲክ ለምን፣ ፒአርኬስ ለምን አይሆንም? ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ሥራ የሚመከርበት ቦታ ያለው አንድ ማሽን ብቻ ሊሆን ይችላል። ቁጥር ቢተርፍ ድጋሚው ይከፈልበታል ወይ? ለሁለተኛ ዙር የሚበቃ ውፍረትስ ይተርፋል?

ወደ ሕንድ ወይም ታይላንድ ሄዳችሁ የምትሠሩ ከሆነ «ከተመለስኩ በኋላ ማን ያየኛል?» የሚለውን ቲኬት ሳትቆርጡ ጨርሱ። ክትትሉ በማግስቱ ይጀምርና ለወራት ይቀጥላል።

ስትጨርሱ የቅድመ ሥራውን ልኬትና ካርታ ቅጂ ተቀብላችሁ አስቀምጡ። ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ሞራ ከመጣ፣ የሚገባውን ሌንስ ቁጥር ለማስላት ያ ወረቀት ያግዛል። የግላኮማ ምርመራ ላይም ሌዘር መሠራታችሁን ተናገሩ፤ በሳሳ ኮርኒያ ላይ የዓይን ግፊት ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ይነበባል።