የሞባይል ገንዘብ ያለበት መስመር ሲጠፋ ወይም ለሌላ ሰው ሲሰጥ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሲሙ ከጠፋ ገንዘቡም ጠፋ ብሎ ማሰብ

ገንዘቡ በሲም ካርዱ ውስጥ የለም። በቁጥርዎና በስምዎ በተከፈተ ሒሳብ፣ በአገልግሎት ሰጪው ዘንድ ነው ያለው። በዚያው ቁጥር ምትክ ሲም ሲያወጡ ቀሪ ሒሳቡን እንደነበረ ያገኙታል። ከሲም ቅያሬ በኋላ ገንዘብ መላክና ማውጣት ለተወሰነ ሰዓት ቢታገድ አይደንግጡ፤ እገዳው የሚጣለው ሌላ ሰው በእርስዎ ስም ምትክ ሲም አውጥቶ ገንዘቡን እንዳይወስድ ነው። ስልኩ የተሰረቀ ከሆነ ግን ምትኩን ከማውጣትዎ በፊት በሌላ ስልክ ደውለው መስመሩንም የገንዘብ ሒሳቡንም ያሳግዱ። መስመሩ ሲታገድ ሒሳቡ አብሮ ላይታገድ ስለሚችል ሁለቱንም ለይተው ይጠይቁ።

አዲስ ቁጥር አውጥቶ አሮጌውን መተው

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ጉዳቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ነውና። አንዲት ሴት ስልኳ ጠፍቶ አዲስ ቁጥር አወጣች እንበል። በአዲሱ ቁጥር የከፈተችው ሒሳብ ባዶ ነው፤ የቀድሞ ገንዘቧ በአሮጌው ቁጥር ስር ቀርቷል። አሮጌው መስመር ለወራት ካልሠራ ይዘጋል፣ ጥቂት ጊዜ ያርፋል፣ ከዚያም ለሌላ ደንበኛ ይሸጣል። በአሜሪካ ለምሳሌ የማረፊያው ጊዜ ቢያንስ 45 ቀን ነው። አዲሱ ባለቤት ሒሳብ ልክፈት ሲል «ቁጥሩ ተመዝግቧል» ሊባል ይችላል። ምስጢር ቁጥሯን ስለማያውቅ በቀላሉ አይገባም። ነገር ግን የማረጋገጫ ኮዶቿ ሁሉ የሚደርሱት ለእሱ ነው፤ ከቁጥሩ ጋር የተሳሰረ የባንክ ወይም የኢሜይል አካውንት ካለ በዚያው ኮድ የይለፍ ቃሉን መቀየር ይችላል።

መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው። መጀመሪያ ለአሮጌው ቁጥር ምትክ ሲም ያውጡ። ቀሪውን ገንዘብ ያዛውሩ፣ ባንክና ኢሜይል ላይ ያለውን ቁጥር ይቀይሩ፣ የገንዘብ ሒሳቡን በመታወቂያዎ ያዘጉ። መስመሩን የሚተዉት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ለመዝጊያው የሚያስፈልገው ኮድ የሚላከው ወደ አሮጌው ቁጥር ስለሆነ።

በዋይፋይ መጠቀም መስመሩን ያቆየዋል ብሎ ማመን

መተግበሪያውን በዋይፋይ መክፈት መስመሩ ሥራ ላይ እንዳለ ላያስቆጥር ይችላል። ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው በኔትወርኩ በኩል የተደረገ ጥሪ፣ መልእክት ወይም የአየር ሰዓት መሙላት ነው። ሲሙን መሳቢያ ውስጥ ካስቀመጡ አልፎ አልፎ አውጥተው አጭር ጥሪ ያድርጉበት።

ስሙን ሳያዩ ወደ ቆየ ቁጥር መላክ

ቁጥሩ ወደ ሌላ ሰው ቢያልፍም በስልክዎ ላይ የተቀመጠው ስም አይቀየርም። ትክክለኛውን የሚነግርዎ ከመላክዎ በፊት አገልግሎቱ የሚያሳየው የተቀባዩ ስም ነው። ካልገጠመ ያቁሙ። ከላኩ በኋላ ካወቁ ወዲያው ለደንበኞች አገልግሎት ይደውሉ፤ ተቀባዩ አንዴ ካወጣው ማስመለስ የሚቻለው በእሱ ፈቃድ ወይም በሕግ ነው።