በላክቴት ገደብ ሲሮጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስንሮጥ ጡንቻችን ላክቴት ያመርታል። ቀስ ብለን ስንሮጥ ሰውነታችን እዚያው መልሶ ስለሚጠቀምበት በደም ውስጥ አይከማችም። ፍጥነት ስንጨምር ግን የሚመረተው ከሚቃጠለው የሚበልጥበት ደረጃ ይመጣል። የላክቴት ገደብ ማለት ይሄ ነው። በደንብ የሠለጠነ ሯጭ ይህን ፍጥነት በውድድር ላይ አንድ ሰዓት ያህል ይዞ ሊቆይ ይችላል።

የመጀመሪያው ስህተት ላክቴትን እንደ መርዝ መቁጠር ነው። በማግስቱ እግር ሲያም "ላክቲክ አሲድ ነው" ይባላል። አይደለም። ላክቴቱ ሩጫው ካበቃ አንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ልብ ራሱ እንደ ነዳጅ ይጠቀምበታል። የማግስቱ ሕመም የሚመጣው በጡንቻ ላይ ከሚደርሰው ጥቃቅን ጉዳት ነው።

ትልቁ ስህተት ልምምዱን ውድድር ማድረግ ነው። 10 ኪሎ ሜትርን በ50 ደቂቃ የሚጨርስ ሯጭ እንውሰድ። አማካይ ፍጥነቱ በኪሎ ሜትር 5 ደቂቃ ነው። ውድድሩ ከአንድ ሰዓት ስለሚያንስ ገደቡ ከዚህ ትንሽ ቀስ ይላል፤ በኪሎ ሜትር ከ5፡05 እስከ 5፡10 አካባቢ። ሰውነቱን በደንብ ካሟሟቀ በኋላ በዚህ ፍጥነት 20 ደቂቃ መሮጥ ይበቃዋል። ግን መጀመሪያ ላይ ቀላል ስለሚመስለው በ4፡50 ይነሳል። ይሄ የ5 ኪሎ ሜትር ውድድር ፍጥነቱ ነው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ መጨረሻው ላይ ይወርዳል፣ የቀጣዩ ቀን ልምምድም ይበላሻል።

ልክ መሆንዎን በምን ያውቃሉ? ሦስት አራት ቃል መናገር ይችላሉ፤ ወሬ ማውራት ግን አይችሉም። የመጨረሻው ኪሎ ሜትር ከመጀመሪያው ጋር እኩል ነው። ሲጨርሱም "ሌላ አሥር ደቂቃ እችል ነበር" ይላሉ። 20 ደቂቃው ከከበደ 5 ደቂቃ እየሮጡ 1 ደቂቃ ሶምሶማ እያሉ አራት ጊዜ ይድገሙት። እረፍቱን ግን አያስረዝሙ። ሦስት አራት ደቂቃ ካረፉ ሳያውቁት ከገደቡ በላይ መሮጥ ይጀምራሉ።

ሌላው የሰው ቁጥር መዋስ ነው። እዚህ ላይ ከፍታን የሚረሳ ብዙ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፤ እንጦጦ ደግሞ 3,000 ይደርሳል። ዋሽንግተን ያለ ዘመድዎ በሚሮጥበት ፍጥነት እዚህ ልሩጥ ቢሉ፣ አቅማችሁ እኩል ቢሆን እንኳ ከገደብዎ በላይ ነዎት። የሱሉልታ ሜዳ ላይ የለኩትንም ወደ እንጦጦ ዳገት አይውሰዱት። ዳገት ላይ ሰዓቱን ትተው ትንፋሽዎን ይከተሉ።

በመጨረሻ፣ ባለፈው ዓመት ውጤት አይሩጡ። በየሁለት ወሩ ገደማ ሜዳማ ቦታ ላይ 30 ደቂቃ ባለዎት አቅም፣ ግን እኩል አድርገው ይሩጡ። የዚያ አማካይ ፍጥነት ከገደብዎ ትንሽ ይፈጥናል። በኪሎ ሜትር አምስት ሰከንድ ያህል ጨምረውበት ልምምዱን ይጀምሩ፤ የቀረውን ትንፋሽዎ ያስተካክለዋል።