የእርግዝና ትውከት፦ የተለመደውን ከከባዱ እንዴት እንለያለን?

የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ በቀን ስንት ጊዜ እንዳስመለሰኝ እቆጥር ነበር። «ዛሬ አምስቴ ብቻ ነው» እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። ዘጠነኛው ሳምንት ላይ አንድ ጠዋት ከአልጋዬ ስነሳ ዓይኔ ጨለመብኝና ግድግዳ ተደግፌ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ለመጨረሻ ጊዜ የሸናሁት መቼ ነበር ብዬ ሳስብ ትናንት ከሰዓት በኋላ ሆነብኝ። ለካ ስቆጥር የከረምኩት የማይረባውን ነገር ነው። ወደ ውስጥ የገባውንና በሽንት የወጣውን መቁጠር ነበረብኝ።

1. ሳምንትሽን አስይ

ቆጠራው የሚጀምረው የመጨረሻው የወር አበባ ከታየበት የመጀመሪያ ቀን ነው። የተለመደው ማቅለሽለሽ ብዙ ጊዜ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ድረስ ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ 9ኛው ሳምንት አካባቢ ይበረታል፤ አብዛኞቹን ሴቶች ከ16ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይለቃቸዋል። «የጠዋት ሕመም» ይሉታል እንጂ ከሰዓትም ማታም ይመጣል። እስከ 9ኛው ሳምንት ድረስ ደህና ከርመሽ ከዚያ በኋላ ድንገት ማስመለስ ከጀመረሽ ግን በእርግዝናው አታሳብቢ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሐሞት ከረጢት ወይም የትርፍ አንጀት ሕመም ሊሆን ይችላልና መመርመር አለብሽ።

2. ተመዘኚ

በሳምንት ሁለቴ፣ በአንድ ሚዛን፣ ጠዋት ከሸናሽ በኋላ። የሚፈለገው ቁጥር ከእርግዝና በፊት ከነበረው ክብደትሽ 5 በመቶው ነው። እኔ 58 ኪሎ ነበርኩ፤ የዚያ 5 በመቶ 2.9 ኪሎ ነው። ዓይኔ የጨለመብኝ ቀን ሚዛኑ 54.6 አለ። 3.4 ኪሎ ቀንሻለሁ ማለት ነው፤ ወደ 6 በመቶ ይጠጋል። በተለመደው ማቅለሽለሽ ጥቂት መክሳት ይኖራል፤ እዚህ ድረስ ሲደርስ ግን ሐኪሞች ከባድ የእርግዝና ትውከት ወደሚሉት ገብቷል። ሚዛን ባይኖርሽም ቀሚስ ወገብሽ ላይ ሲላላ አይጠፋሽም።

3. ሽንትሽን ተከታተይ

ዋናው ይሄ ነው። አንድ ወረቀት ሽንት ቤቱ በር ላይ ለጥፊና በሸናሽ ቁጥር ሰዓቱን ጻፊ፤ ከጎኑ «ብዙ» ወይም «ትንሽ» በይ። በእርግዝና መጀመሪያ ላይ ሴት ከወትሮው ቶሎ ቶሎ ነው የምትሸናው። ስለዚህ መመላለሱ ሲቀር «ተመስገን፣ ዐረፍኩ» አይባልም። ሰውነት የሚገባለት ውሃ ሲያንሰው ኩላሊት ያለችውን ይቆጥባል፤ የሚወጣው ያንሳል፣ ይጠቁራል፣ ሽታውም ይከብዳል። ከዚያ አፍ ይደርቃል፣ ምራቅ ይወፍራል፣ ከተቀመጡበት ሲነሱ ራስ ያዞራል፣ ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል።

ቀለሙ ብቻውን ግን ያታልላል። ቢ ቫይታሚን ያለበት ክኒን የምትወስጂ ከሆነ ሽንትሽ ደህና ሆነሽም ደማቅ ቢጫ ይሆናል። እኔም ክኒኑን ስላስመለስኩት ቢጫው ጠፍቶ «ነጣልኝ» ብዬ የተደሰትኩበት ቀን ነበር፤ በዚያው ቀን የሸናሁት ሁለቴ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰዓቱንና መጠኑን አስቀድሚ። በ8 ሰዓት ውስጥ ጭራሽ ካልሸናሽ፣ ወይም እንደ ወፍራም ሻይ የጠቆረች ጥቂት ጠብታ ብቻ ከሆነች፣ ነገ ይሻለኛል ብለሽ አትደሪ።

4. በማንኪያ ጠጪ

እስካሁን የሚቆጨኝ ስህተት ይሄ ነው። ውሃ ጠማኝ ብዬ አንድ ሙሉ ብርጭቆ በአንድ ትንፋሽ እጠጣ ነበር፤ ሆዴ ይወጠርና ከጠጣሁት በላይ ይመለሳል። የተቆጣ ጨጓራ ብዛት አይችልም፤ ጥቂት በጥቂት ግን ይቀበላል። ካስመለሰሽ በኋላ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ጨጓራሽን አሳርፊው። ከዚያ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር ያህል፣ በየአምስት ደቂቃው። ስልክሽ ላይ ደወል ሙዪ፤ ጥም ሲበረታ ሰው ትዕግሥት የለውም። በዚህ አካሄድ በሰዓት 60 ሚሊ ሊትር ይገባል። ይህ ለቀን አይበቃም። ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ሳይመለስ ከቆየ ሁለት ማንኪያ አድርጊው፤ እሱም ከረጋ ጨምሪ።

ከባዶ ውሃ የሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦአርኤስ) ይሻላል፤ በትውከት የሄደውን ጨው ጭምር ይተካል። ፓኬቱን በሙሉ፣ ላዩ ላይ በተጻፈው የውሃ መጠን በጥብጪው፤ በግምት ከፍሎ ብርጭቆ ውስጥ መበጥበጥ ጨውን ያበዛዋል ወይም ያሳንሰዋል። የቀዘቀዘ ከሆነ ቶሎ አይቀፍም። ዝንጅብልን በተመለከተ፣ ቀለል ላለ ማቅለሽለሽ ይረዳል፤ ውሃ እንኳ ለማይረጋላት ሴት «ዝንጅብል ሞክሪ» ማለት ግን ለእኔ ቀልድ ነው። ብረት ያለበት ክኒን የሚያባብስብሽ ከሆነ ለጊዜው ማቆም ይቻል እንደሆነ ሐኪምሽን ጠይቂ፤ ፎሊክ አሲዱን ግን እንዳትተዪው።

5. ማንኪያውም ካልረጋ

ለ24 ሰዓት የበላሽው ወይም የጠጣሽው ሁሉ ከተመለሰ፣ ሽንት ከላይ እንዳልኩት ከሆነ፣ ስትቆሚ ራስሽን የምትስቺ ከመሰለሽ፣ ትውከቱ ደም ካለበት፣ ወይም ትኩሳትና የሆድ ሕመም ከመጣ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂጂ። ወረቀቱን ይዘሽ ሂጂ። እኔ ባዶ እጄን ሄጄ «ብዙ ያስመልሰኛል» ስል «ሁሉም እርጉዝ ያስመልሳታል» ተብዬ ተመለስኩ። በማግስቱ የሰዓቱን ዝርዝርና ክብደቴን ጽፌ ስሄድ ወዲያው አልጋ ተሰጠኝ። ሰውነት ምግብ ሲያጣ ስብ አቃጥሎ የሚያወጣው ኬቶን ሽንት ውስጥ አልተገኘም ማለትም ሰውነትሽ ውሃ አልጎደለውም ማለት አይደለም፤ በዚያ ብቻ ወደ ቤት አትመለሺ። መንታ መሆኑንና የማሕፀኑን ይዞታ ለማየት አልትራሳውንድ፣ የደም ጨዎችን ለማየት ደግሞ የደም ምርመራ ይደረጋል።

አንድ ነገር አደራ። በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ ሁሉ «ግሉኮስ» ማለት ለምደናል። ለከባድ ትውከት ቀድሞ የሚሰጠው ግን ጨዋማው ፈሳሽ ነው። ብዙ ቀን ምግብ ያልረጋላት ሴት ውስጥ ቫይታሚን ቢ1 ይመናመናል፤ ስኳር ያለበት ፈሳሽ ቢ1 ሳይቀድመው ከገባ የቀረችውን ጨርሶ አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ስንት ቀን ምግብ እንዳልረጋልሽ ሳትጠየቂ ተናገሪ። ነገር መርሳት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ሲራመዱ መንገዳገድ ካለም በዚያው አንሺው።

ፈሳሹ ሲገባ ብዙዎች በሰዓታት ውስጥ ቀና ይላሉ፤ ሽንትም ይመለሳል። ማስመለሱን የሚያስታግስ መድኃኒትም በእርግዝና የሚታዘዝ አለና ከመውጣትሽ በፊት ጠይቂ። ወረቀቱን ግን በሩ ላይ ተዪው። እኔ ዳንኩ ብዬ ቀድጄ ጣልኩት፤ በአምስተኛው ቀን ተመልሼ ገባሁ።