ከምሳ በፊት የሚቀርበው መራራ፦ ቤት ውስጥ ሲያዘጋጁት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬ ላይ እንግዳ ሲመጣ ከምሳ በፊት ምን ይቀርባል? ብዙ ቤት ቀዝቃዛ ለስላሳ ወይም ቢራ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ከውጭ የመጣ የሊኬር ጠርሙስ ያወጣል። ሊኬር ማለት በአጭሩ ቅመም፣ ልጣጭ ወይም ሥር የተዘፈዘፈበት፣ ከዚያ በስኳር የጣፈጠ አልኮል ነው። አፔሪቲፍ የሚባለው ደግሞ ከምግብ በፊት የሚጠጣው ነው። ብዙ ጊዜ መራራ ነው፤ ሁሉም ግን ሊኬር አይደለም። እንደ ቬርሙት ያለው የወይን ጠጅ ዘመድ ነው። እኔ የማወራው ስለ መራራው ሊኬር ነው። በብርቱካን ልጣጭ ቤት ውስጥ ሊዘጋጅ ይችላል፤ የሚበላሸውም ሁልጊዜ በተመሳሳይ ቦታ ነው።

ጣፋጩን ከምግብ በፊት ማቅረብ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የክሬም፣ የቸኮሌት ወይም የቡና ሊኬር ከምግብ በኋላ ነው የሚሄደው። ስኳርና ስብ በባዶ ሆድ ሲገቡ ያጠግባሉ፤ እንጀራው ሲቀርብ እንግዳው «በቃኝ» ይላል። መራራው ሌላ ሥራ አለው። ምላስ ላይ መራራ ሲነካ ምራቅ ይመጣል፣ ሆድም ለምግብ መዘጋጀት ይጀምራል። ጣሊያናዊው ጋስፓሬ ካምፓሪ በ1860 በኖቫራ የቀመመው ካምፓሪ፣ ከዚያም በ1919 ፓዶቫ ውስጥ የወጣው ለስለስ ያለው አፔሮል፣ ሁለቱም ጣፋጭ ናቸው። ስኳሩ ግን ምሬቱን ለማሸከም እንጂ ለመሸፈን አይደለም።

ለአገራችን ሰው ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። ጠጅን ከማር ውሃ የሚለየው ጌሾ ነው። ጌሾው ባይኖር ሁለተኛውን ብርሌ ማን ይጨርሰው ነበር?

በነገራችን ላይ፣ ጨብሲን ከአፔሪቲፍ ጋር የሚያምታቱ አሉ። ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ከበርጫ በኋላ የሚጠጣ መራራ የተዘጋውን አይከፍትም፤ ባዶ ሆድ ላይ አልኮል መጨመር ብቻ ነው።

አልኮሉን ሳያውቁ መጀመር

ከፋርማሲ የሚገዛ የቁስል አልኮል በምንም መንገድ አይሞከርም። እንዳይጠጣ ተብሎ መርዛማ ነገር የሚቀላቀልበት አለ፤ በማጣራትም በማፍላትም አይወጣም። የቤት አረቄስ? ችግሩ ሁለት ነው። ጥንካሬው ስንት እንደሆነ አይታወቅም፤ ጭሱና የእህሉ ሽታም ልጣጩን ይውጠዋል። ጠርሙሱ ላይ 40 በመቶ የተጻፈበት ተራ ቮድካ ይበቃል። ውድ መሆን የለበትም።

ነጩን ከብጫው ጋር መዘፍዘፍ

የብርቱካን ሽታ ያለው በላይኛው ቀጭን ቆዳ ላይ ነው። ልጣጩን ሻማ አጠገብ ይዘው ጎንበስ አድርገው ይጫኑት። ጭጋግ የመሰለ ነገር ይረጫል፤ እሳቱ ሲያገኘው ብልጭ ይላል። ያ ዘይት ነው፤ የሚፈልጉት እሱን ነው። ከሥሩ ያለው ነጩ ግን ሌላ ዓይነት ምሬት አለው፤ ጉሮሮ ላይ የሚቆይና አፍ የሚያደርቅ። በዚያ ላይ መጠጡን ያደፈርሳል። «መራራ አይደል የፈለግነው?» ይላሉ። አዎ፣ ግን ልኩን እርስዎ የሚወስኑት ምሬት።

ስለዚህ በስለታም ቢላ ወይም በካሮት መላጫ ስስ አድርገው ይላጡ። የልጣጩ ጀርባ ነጭ ሆኖ ከታየ ነጩን ይፋቁት። ከመላጥ በፊት ብርቱካኑን በሞቀ ውሃ በደንብ ይሹት፤ በቆዳው ላይ ያለ ነገር ሁሉ አልኮሉ ውስጥ ነው የሚገባው።

ሁሉንም በአንድ ማሰሮ ለአንድ ወር መርሳት

«በቆየ ቁጥር ይጥማል» የሚባለው እዚህ አይሠራም። ልጣጭ ሽታውን በቀናት ይሰጣል፤ መራራ ቅጠል ደግሞ በሰዓታት። አብረው ከገቡ ልጣጩ ሳይደርስ ቅጠሉ ያልፋል። መፍትሔው መለየት ነው።

ግማሽ ሊትር ቮድካ አለዎት እንበል። 450 ሚሊ ሊትሩን ከ4 ብርቱካን ልጣጭ ጋር ክዳን ባለው የመስታወት ዕቃ ያስገቡ። የቀረውን 50 ሚሊ ሊትር በትንሽ ብልቃጥ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ የጌሾ ቅጠል ጋር ያድርጉ። የጌሾውን በየጥቂት ሰዓቱ በጠብታ ይቅመሱ፤ ምላስ ሲጨብጥ ያጥልሉት። ልጣጩን ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ በየቀኑ ያሽትቱ። በድሬ ሙቀት ነገሩ ቶሎ ይሄዳል፤ አራትና አምስት ቀን ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ልጣጩ ቀለሙ ገርጥቶ እንደ ብስኩት ሲሰበር ያለውን ሰጥቷል ማለት ነው። ከዚያ የጌሾውን ውሃ በማንኪያ እየጨመሩ ይቅመሱ። ሁሉንም መጨረስ የለብዎትም። የጨመሩት ምሬት ወደ ኋላ አይመለስም።

አውሮፓውያን ለዚህ የሚጠቀሙት በተለይ የጄንሺያን ሥርና የሲንኮና ቅርፊት ነው። ሲንኮና ኪኒን የሚወጣበት ዛፍ ነው፤ ወባ ለሚያውቅ የድሬ ሰው ምሬቱን ማስረዳት አያስፈልግም። እሱን ግን ቤት ውስጥ አይሞክሩት፤ ኪኒን ሲበዛ ጆሮ ያጮሃል፣ ሰውነትም ይጎዳል።

ሽሮፑን በትኩሱ ማፍሰስ

150 ግራም ስኳር በ150 ሚሊ ሊትር ውሃ ይሟሟል። ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። በትኩሱ ከገባ መጀመሪያ የሚተንነው ያ የደከሙበት ሽታ ነው። ሲቀላቀል ወደ 740 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ግማሽ ሊትር 40 በመቶ ማለት 200 ሚሊ ሊትር ንጹህ አልኮል ስለሆነ፣ ጥንካሬው ወደ 27 በመቶ ይወርዳል። በአውሮፓ ሕግ ሊኬር ለመባል 15 በመቶ አልኮልና በሊትር 100 ግራም ስኳር መነሻ ነው፤ የእርስዎ ከሁለቱም በላይ ነው።

ሽሮፕ ሲገባ መጠጡ ቢነጣ አይደንግጡ። ኡዞ ውሃ ሲነካው እንደሚነጣው ነው፤ አልኮሉ ሲቀንስ ዘይቱን መያዝ ያቅተዋል። ጥቂት ቀን አስቀምጠው በቡና ማጣሪያ ወረቀት ቢያሳልፉት ብዙው ይጠራል። ይበልጥ እንዲጠራ ብለው ውሃ ቢጨምሩበት ግን ይብሳል።

መስኮት ላይ ማሳመር

ከዚራ ያሉ የድሮ ቤቶች መስኮታቸው ሰፊ ነው፤ ብርቱካንማ ጠርሙስ ያምርባቸዋል። ግን ፀሐይና ሙቀት የልጣጩን ዘይት ያበላሹታል። ሽታው ከብርቱካን ወደ ቀለም ማቅጠኛ ከተቀየረ አልቆለታል። ጨለማ ቁም ሳጥን ወይም ፍሪጅ ይሻላል፤ እስከ አፉ ሞልቶ ቢቀመጥ ደግሞ የበለጠ።

እንደ አረቄ መጨለጥ

አንድ መለኪያ ሊኬር፣ ሦስት መለኪያ ቀዝቃዛ አምቦ ውሃና በረዶ። አልኮሉ ወደ 7 በመቶ ይጠጋል፤ ከቢራ ትንሽ ይበልጣል። ምግቡ ከመቅረቡ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ ይቅረብ። አንድ ብርጭቆ ልክ ነው፤ በሁለተኛው ሥራው ፍላጎት መክፈት መሆኑ ይቀራል። ጨጓራ ላለበትና መድኃኒት ላይ ላለ ሰው አይቅረብ። ኦቾሎኒውም በትንሽ ሳህን ይሁን፤ በትሪ ከመጣ እንግዳው ምሳውን እዚያው ይጨርሳል።