ከስትሮክ በኋላ ግራ ጎናቸውን የሚዘነጉ ታካሚዎች፦ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ስትሮክ ከደረሰባቸው ስድስተኛ ቀናቸውን የያዙ አንድ አዛውንት ታካሚ እናስብ። ምሳ ሲቀርብላቸው በሳህኑ ቀኝ ግማሽ ያለውን ጨርሰው በግራው ያለውን ሳይነኩ ይተዋሉ፤ ከዚያም «አልጠገብኩም፣ ምነው አሳነሳችሁት?» ብለው ይጠይቃሉ። አንድ ሰው ሳህኑን ሲያዞርላቸው ያልነኩት ምግብ ወደ ቀኝ ይመጣል፤ እሳቸውም አዲስ የቀረበላቸው ይመስል ይበሉታል። ጢማቸውን ሲላጩ ግራ ጉንጫቸው እንዳለ ይቀራል። በግራ ቆሞ የሚጠራቸውን ልጃቸውን በቀኝ በኩል ይፈልጉታል። ዓይናቸው ቢመረመር ግን ጤናማ ነው። የተጎዳው የቀኝ አንጎላቸው ፓሪየታል ሎብ ነው፤ በተለይም የታችኛው ክፍሉና ከቴምፖራል ሎብ ጋር የሚገናኝበት አካባቢ። ችግሩ በሕክምናው ዓለም ኔግሌክት ይባላል፤ እዚህ ላይ የግራ ጎን ዝንጋታ እንለዋለን።

«ግራ ዓይናቸው ጠፍቷል» ብሎ መደምደም

ከሁሉም የሚደጋገመው ስህተት ይህ ነው፤ የሌሎቹም ምንጭ እሱ ነው። እያንዳንዱ ዓይን ቀኙንም ግራውንም ያያል፤ ከሁለቱም ዓይኖች የሚመጣው የግራ በኩል ምስል የሚደርሰው ወደ ቀኙ አንጎል የኋለኛ ክፍል ነው። ይህ ክፍል ወይም ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ ሲጎዳ ሰውየው የእይታ መስኩን ግራ ግማሽ በእርግጥ ያጣል። እንዲህ ያለው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጉድለቱን ያውቀዋል፤ ከበር መቃን ጋር ከተላተመ በኋላ አንገቱን ወደ ግራ እያዞረ መራመድ ይለምዳል። ዝንጋታ ያለበት ሰው አንገቱን አያዞርም፤ የሚፈልገው ነገር በዚያ በኩል ሊኖር እንደሚችል ወደ ሐሳቡ አይመጣምና።

በሰፊው የሚሰጠው ማብራሪያ የሚከተለው ነው። ቀኙ አንጎል ትኩረትን ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ሲመራ ግራው አንጎል በዋናነት የሚመራው ወደ ቀኝ ብቻ ነው። ስለዚህ ግራው ሲጎዳ ቀኙ ክፍተቱን ይሸፍናል፤ ቀኙ ሲጎዳ ግን ግራውን ዓለም የሚጠብቅለት አይኖርም፣ የቀረውም ግማሽ ትኩረትን ያለ ተፎካካሪ ወደ ቀኝ ይጎትተዋል። ከግራ አንጎል ጉዳት በኋላ የሚከሰት የቀኝ ጎን ዝንጋታ ብዙ ጊዜ ቀላልና ቶሎ የሚለቅ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው ተብሎ ይታመናል። ጉዳቱ ሰፊ ከሆነ ደግሞ የእይታ መስክ መጥፋትና ዝንጋታ በአንድ ሰው ላይ ሊደረቡ ይችላሉ፤ አንዱን ማግኘት ሌላውን መፈለግ አያስቀርም።

አንዱን ጎን ለብቻው ብቻ መፈተን

መርማሪው በታካሚው ፊት ለፊት ተቀምጦ በታካሚው ግራ በኩል ያለውን ጣቱን ሲያንቀሳቅስ «አየሁ» ይሉታል፤ የቀኙን ሲያንቀሳቅስም እንዲሁ። በዚህ ተደስቶ ፈተናውን የሚያቆም መርማሪ ችግሩን ሳያይ ያልፋል። ሁለቱን ጣቶች በአንድ ጊዜ ሲያንቀሳቅስ ታካሚው የሚያዩት በቀኛቸው በኩል ያለውን ብቻ ሊሆን ይችላል። ቅድም ለብቻው የታየው ጣት ተፎካካሪ ሲመጣበት ጠፋ ማለት ነው። ይህ መጥፋት ከዝንጋታ ጋር ብዙ ጊዜ አብሮ ይገኛል፣ ለብቻውም ይታያል።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። አንዳንድ ታካሚ በግራው በኩል ያለውን ጣት ለብቻውም ስለማያይ ወዲያው «የእይታ መስኩን አጥቷል» ይባላል። እዚህ ላይ ታካሚው ጭንቅላታቸውን ሳያንቀሳቅሱ ዓይናቸውን ብቻ ወደ ቀኝ አዙረው እንዲመለከቱ ማድረግና ፈተናውን መድገም ይጠቅማል። የጠፋው የእይታ መስክ ከሆነ ጉድለቱ ከዓይን ጋር አብሮ ይዞራል፤ ከአካል በስተ ግራ ያለውን ሥፍራ መዘንጋት ከሆነ ግን ጣቱ አሁን በሰውነታቸው ቀኝ በኩል ስለዋለ ሊያዩት ይችላሉ።

በአንድ ወረቀት መፍረድ

ለእኚሁ ታካሚ 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው አግድም መስመር ተሰጥቷቸው መሐሉ ላይ ምልክት እንዲያደርጉ ተጠየቁ እንበል። ምልክቱን ከግራ ጫፍ 13.5 ሴንቲ ሜትር ላይ አደረጉ፤ ከእውነተኛው መሐል 3.5 ሴንቲ ሜትር ወደ ቀኝ ማለት ነው። የእይታ መስኩን ብቻ ያጣ ሰው በአንጻሩ ብዙውን ጊዜ ወደማያየው ጎን፣ ማለትም ወደ ግራ ነው የሚስተው።

ቀጥሎ የተበታተኑ አጫጭር መስመሮች ያሉበት ወረቀት ተሰጥቷቸው ሁሉንም በእርሳስ እንዲሰርዙ ተጠየቁ። ከቀኝ ጫፍ ጀምረው ወደ መሐል ሲደርሱ ይመለሳሉ፤ የሰረዙትን ደግመው ይሰርዛሉ፤ ከዚያም «ጨርሻለሁ» ይላሉ። እንደ እኔ ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ነገሩን የሚያስረዳው ቀጥሎ ያለው ነው። ያንኑ ሥራ በላጲስ እያጠፉ እንዲሠሩት ሲደረግ፣ የጠፋው መስመር ዓይናቸውን መሳቡን ስለሚያቆም ወደ ግራ ይበልጥ ይዘልቃሉ። ዓይን የጠፋ ቢሆን ኖሮ የላጲስና የእርሳስ ልዩነት ለውጥ ባላመጣ ነበር።

ይሁንና አንዱን ፈተና አልፎ በሌላው የሚወድቅ ታካሚ ብዙ ነው። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ወረቀቱን በትክክል የሞላ ሰው ሰው በሚተራመስበት ኮሪደር ተሽከርካሪ ወንበሩን በግራ በኩል ከግድግዳ ጋር ሊያላትም ይችላል። ስለዚህ ልብስ ሲለብሱ፣ ሲበሉና ሲንቀሳቀሱ መመልከት ከወረቀቱ ጎን መቆም አለበት።

ዝንጋታው ከፊታቸው ባለው ነገር ብቻ ይወሰናል ማለት

በ1978 ቢሲያክና ሉዛቲ የተባሉ ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች ሚላን የሚያውቋትን ታካሚዎች የከተማይቱን የካቴድራል አደባባይ በሐሳባቸው እንዲገልጹ ጠየቁ። ታካሚዎቹ ከካቴድራሉ ትይዩ ሆነው ሲያስቡት የጠሩት በቀኝ በኩል የሚውሉትን ሕንጻዎች ነበር። ካቴድራሉ በር ላይ ቆመው እንዲያስቡት ሲነገራቸው ደግሞ ቅድም የዘነጓቸውን ጠሩ፤ የጠሯቸውን ዘነጉ። ትዝታው በሙሉ እንዳለ ነበር፤ በሐሳብ ውስጥም ቢሆን ግራው አልተጎበኘም።

«ወደ ግራ ይመልከቱ» እያሉ መቆጣት

ብዙዎቹ ታካሚዎች ችግር እንዳለባቸው ራሱ አያውቁም፤ እልኸኛ ወይም ሰነፍ ሆነው አይደለም። ቃል ብቻውን ለጥቂት ሰከንድ ይሠራና ይጠፋል። በልምምድ ወቅት የሚረዳው መነሻ ምልክት ነው፦ በገጹ ግራ ጠርዝ ላይ ደማቅ ቀይ መስመር ይሰመራል፣ ታካሚው መስመሩን ሳያገኙ ማንበብ አይጀምሩም፤ ሲለምዱ ምልክቱ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ምስልን 10 ዲግሪ ያህል ወደ ቀኝ የሚያዞር የፕሪዝም መነጽር አድርጎ ወደ ዒላማ ደጋግሞ መጠቆምም አለ፤ መነጽሩ ሲወልቅ እጅ ለጊዜው ወደ ግራ ያደላል። ሮሴቲና ባልደረቦቹ በ1998 ይህ ዝንጋታውን እንደሚቀንስ አሳይተዋል፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ውጤት ግን የተለያየ ነው።

ለልምምድ ተብሎ ሁሉን ነገር በግራ ማስቀመጥም ስህተት ነው። የነርስ መጥሪያው ደወልና የመጠጥ ውኃው በቀኝ ይሁኑ፤ በግራ ያለ ደወል ለእኚህ ሰው እንደሌለ ነውና። ጠያቂ ደግሞ ከቀኝ ጀምሮ ዓይናቸውን ከያዘ በኋላ እያወራ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ይዙር፤ ዓይናቸው መከተሉን ባቆመበት ቦታ ቆሞ ይጠብቃቸው።