የብድር ውል ወለድ፣ ጊዜና ወርሃዊ ክፍያ ሳይጣጣሙ ሲቀሩ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

በእኩል ወርሃዊ ክፍያ በሚመለስ ብድር ውስጥ ዋናው ገንዘብ፣ ዓመታዊው የወለድ ምጣኔ፣ የመክፈያው ጊዜና ወርሃዊው ክፍያ በአንድ ስሌት የተሳሰሩ ናቸው፤ ሦስቱ ከታወቁና የስሌቱ ዘዴ ከታወቀ ለአራተኛው የሚገኘው መልስ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ አራቱም በውሉ ላይ ተጽፈው ሳለ ሦስቱ የሚሰጡት ውጤት ከአራተኛው ጋር ካልገጠመ፣ ወይ ከቁጥሮቹ አንዱ ተሳስቷል፣ ወይ ደግሞ ውሉ በግልጽ ያላሰፈረው የአሰላል ዘዴ ወይም ወጪ አለ። ልዩነቱን እንደ ስህተት ከመቁጠር በፊት መፈተሽ ያለበት ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም የልዩነቱ መጠን ራሱ ብዙ ጊዜ ወደ ምክንያቱ ይመራል።

ለምሳሌ ዋናው ገንዘብ 100,000፣ ዓመታዊው ወለድ 15 በመቶ፣ ጊዜው 24 ወር የሆነ ውል እንውሰድ። ወለዱ በየወሩ በቀሪው ዕዳ ላይ የሚታሰብ ከሆነ ወርሃዊው ክፍያ በማንኛውም የስሌት ሰንጠረዥ ፕሮግራም በሚከተለው መንገድ ይገኛል።

```
=PMT(0.15/12, 24, -100000)
```

ውጤቱ 4,848.66 ነው። ይህ ቁጥር ትክክል መሆኑን ለማየት የመጀመሪያውን ወር በእጅ ማስላት ይቻላል፦ 15 በመቶ ለ12 ሲካፈል 1.25 በመቶ ስለሚሆን የመጀመሪያው ወር ወለድ 1,250 ነው፤ ከክፍያው የተረፈው 3,598.66 ከዋናው ገንዘብ ላይ ይቀነሳል፤ ቀሪው ዕዳም 96,401.34 ይሆናል። በሁለተኛው ወር ወለዱ የሚታሰበው በዚህ ቀሪ ላይ ነው። በዚሁ መንገድ ከተቀጠለ በ24ኛው ወር ቀሪው ዜሮ መሆን አለበት፤ ክፍያዎቹ ወደ ሁለት አሃዝ በመጠጋጋታቸው ምክንያት የመጨረሻው ክፍያ በጥቂት ሳንቲም ቢለያይ ችግር የለውም። አሁን በውሉ ላይ የተጻፈውን ክፍያ ከ4,848.66 ጋር እናወዳድር።

ምልክት፦ በውሉ የተጻፈው ክፍያ ከስሌቱ በብዙ ይበልጣል

ውሉ 5,416.67 የሚል ከሆነ ልዩነቱ በወር 568 ገደማ ነው። ይህን ያህል ልዩነት በመጠጋጋት ወይም በቀን አቆጣጠር ሊመጣ አይችልም። በቅድሚያ መጠርጠር ያለበት በተለምዶ ፍላት የሚባለው አሰላል ነው፤ በዚህ ዘዴ ወለዱ እስከ መጨረሻው ወር ድረስ የሚታሰበው በቀሪው ዕዳ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ በተሰጠው ሙሉ ገንዘብ ላይ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የ100,000 15 በመቶ በዓመት 15,000፣ በሁለት ዓመት 30,000 ይሆናል፤ ይህ ከዋናው ገንዘብ ጋር ተደምሮ 130,000 ለ24 ሲካፈል በትክክል 5,416.67 ይመጣል። ቁጥሩ እስከ ሳንቲሙ ከገጠመ ምክንያቱ ተገኝቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ውሉ በሒሳብ ትክክል ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ነገር ግን የተጻፈው 15 በመቶ ተበዳሪው በእርግጥ በእጁ ባለው ገንዘብ ላይ የሚከፍለውን ወለድ አያሳይም። በፍላት አሰላል በየወሩ 4,166.67 ከዋናው ሲቀነስ ወለዱ ግን ያው 1,250 ሆኖ ይቀጥላል። በ24ኛው ወር መጀመሪያ ላይ ያልተከፈለው ዋና ገንዘብ 4,166.67 ብቻ ሆኖ ሳለ ለዚያ ወር የሚጠየቀው ወለድ አሁንም 1,250 ነው፤ ይህም ለአንድ ወር ብቻ የቀሪው ዋና ገንዘብ 30 በመቶ ነው። ትክክለኛውን ምጣኔ ለማግኘት ጥያቄውን መገልበጥ ይበቃል፦ 100,000 ወስዶ ለ24 ወራት 5,416.67 የሚከፍል ሰው በቀሪ ዕዳ ላይ ስንት በመቶ ከፈለ?

```
=RATE(24, -5416.67, 100000)*12
```

መልሱ ወደ 26.6 በመቶ ይጠጋል። ስለዚህ ሁለት አበዳሪዎች ሁለቱም 15 በመቶ ብለው ቢጽፉ፣ አንዱ በቀሪ ዕዳ ሌላው በፍላት ካሰሉ፣ ሁለቱን ውሎች በተጻፈው ምጣኔ ማወዳደር ትርጉም የለውም። መፍትሔው ከመፈረም በፊት ወለዱ በምን ላይ እንደሚታሰብ በውሉ አንቀጽ ውስጥ በጽሑፍ እንዲሰፍር መጠየቅ፣ የመክፈያ ሰንጠረዡም የየወሩን ወለድ፣ የዋናውን ገንዘብ ቅናሽና ቀሪውን ዕዳ ለይቶ እንዲያሳይ ማድረግ ነው። የሰንጠረዡ የወለድ ዓምድ ከላይ እስከ ታች አንድ ቁጥር ከሆነ አሰላሉ ፍላት ነው፤ በቀሪ ዕዳ ከሆነ ግን በየወሩ እየቀነሰ መሄድ አለበት። ውሉ በግልጽ “በቀሪ ዕዳ ላይ” ብሎ ክፍያው ግን 5,416.67 ከሆነ ሁለቱ ይጋጫሉ፤ ያን ጊዜ ማብራሪያ ሳይሆን እርማት ነው የሚጠየቀው።

ምልክት፦ ልዩነቱ ከስሌቱ ክብ የሆነ መቶኛ ነው

ክፍያው 4,994.12 ቢሆን ለ4,848.66 ሲካፈል 1.03 ይሰጣል። ክፍያ ከዋናው ገንዘብ ጋር በእኩል መጠን ስለሚያድግ፣ ይህ ውጤት ብድሩ በ100,000 ሳይሆን በ103,000 ላይ መሰላቱን ያመለክታል። የ3 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ወይም የመድን ወጪ ከዋናው ጋር ተደምሮ ሊሆን ይችላል፤ በወጪዎች ዝርዝር ውስጥ 3,000 የሚል መኖሩን ማየት ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ አበዳሪው ምንነቱን በጽሑፍ ሊያስረዳ ይገባል።

ምልክት፦ ልዩነቱ ጥቂት ነው

በዚህ ምሳሌ ከአሥር እስከ ስልሳ ገደማ የሚደርስ ልዩነት ከአሰላል ልማድ ሊመጣ ይችላል። ዓመቱ 360 ቀን ተደርጎ ወለዱ ግን በእውነተኛው የቀን ቁጥር ከታሰበ ክፍያው ወደ 4,858.6 ከፍ ይላል። 15 በመቶው ለ12 ሳይካፈል ወለድ በወለድ ላይ ተጠራቅሞ በዓመቱ መጨረሻ 15 በመቶ እንዲሞላ ከተሰላ ወርሃዊው ምጣኔ 1.1715 በመቶ አካባቢ፣ ክፍያውም 4,804 ገደማ ይሆናል። የመጀመሪያው ክፍያ ብድሩ በተሰጠበት ዕለት የሚፈጸም ከሆነ ደግሞ ወደ 4,788.80 ይወርዳል። ሦስቱም በየራሳቸው ተቀባይነት ያላቸው ልማዶች ስለሆኑ የሚጠየቀው ልማዱ በውሉ ውስጥ ተጽፎ እንዲገኝ ብቻ ነው።

ምልክት፦ ክፍያው በትክክል ገጥሟል፣ እጅ የገባው ገንዘብ ግን አንሷል

ይህ ምልክት በቀላሉ ያመልጣል፤ ምክንያቱም ወረቀቱ ላይ ያሉት አራቱም ቁጥሮች ይስማማሉ። ውሉ 100,000 ይላል፣ ክፍያውም 4,848.66 ነው፤ ወደ ሒሳብ የገባው ግን ቅድሚያ 3,000 ተቀንሶ 97,000 ነው። ተበዳሪው ሊጠቀምበት የቻለው 97,000 ስለሆነ ፍተሻው መደረግ ያለበት በእርሱ ላይ ነው።

```
=RATE(24, -4848.66, 97000)*12
```

ውጤቱ 18.1 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ በፍተሻው ውስጥ እንደ ዋና ገንዘብ መግባት ያለበት በውሉ አናት ላይ የተጻፈው ሳይሆን በባንክ መግለጫው ላይ የገባው መጠን ነው። ከዚህ በላይ የተገለጸው ሁሉ የሚሠራው ምጣኔው እስከ መጨረሻው ለማይለወጥ ብድር ነው፤ ምጣኔው በየጊዜው የሚሻሻል ከሆነ ስሌቱ የሚጸናው እስከ መጀመሪያው ማሻሻያ ድረስ ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በወቅቱ ያለውን ቀሪ ዕዳ፣ የቀሩትን ወራትና አዲሱን ምጣኔ አስገብቶ እንደገና ማስላት ያስፈልጋል።